ከስዋቡ በፊት፦ የቫይረስና የባክቴሪያ የጉሮሮ ህመም እንዴት ይለያል? ናሙና ህክምናውን የሚለውጠው መቼ ነው?

አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ገባች። የ9 ዓመቷ ልጅ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጉሮሮዋን አሟታል፤ ምራቋን በዋጠች ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ራሷንና ሆዷንም ያማታል። የ6 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ከሦስት ቀን ወዲህ ያስለዋል፣ ንፍጡ አልቆም ብሏል፣ እሱም ጉሮሮዬን አመመኝ ይላል። እናቲቱ የመጣችው ቤት ሳለች በስልኳ መብራት የሁለቱንም ጉሮሮ አይታ ነው። "ዶክተር፣ የእሷ ቀላ ከማለቱ በቀር ምንም የለውም፤ የእሱ ግን ነጭ ነጭ ይዟል፣ መግል ነው። ለእሱ ቶሎ መድኃኒት ይጻፉለት" አለችኝ።

በስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ዘንግ፣ የጉሮሮ ናሙና የወሰድኩት ከልጅቷ ነው። ከልጁ አልወሰድኩም። እናቲቱ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነባት፣ ቅርም አላት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እዚህ ደረጃ በደረጃ እጽፋለሁ። የምጽፈው በተለይ ሥራውን ለሚጀምሩ የጤና ባለሙያዎች ነው፤ ወላጆችም እንዲከታተሉት ቃላቱን ቀለል አድርጌያለሁ።

የምንፈልገው አንድ ባክቴሪያ ነው

"ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?" ብለን ስንጠይቅ በተግባር የምንጠይቀው "ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ነው ወይስ አይደለም?" የሚለውን ነው። ጉሮሮ የሚያሳምሙ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከልጅ እስከ አዋቂ በየቀኑ በሚያጋጥመን የጉሮሮ ህመም ውስጥ ግን ውሳኔያችንን የሚለውጠው ይሄኛው ነው። ጉሮሮ አመመኝ ብለው ከሚመጡ 100 ልጆች ውስጥ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ስትሬፕ አለባቸው፤ ከ100 አዋቂዎች ውስጥ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ያህሉ። የቀሩት ከሞላ ጎደል የቫይረስ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አይረዳቸውም።

ስትሬፕን ለይቶ ማከም ያስፈለገበት ዋና ምክንያት የጉሮሮው ህመም አይደለም። ህመሙ ያለ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ አንቲባዮቲክ የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውነት ስትሬፕን ለመዋጋት የሚያወጣው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። የልብ ክዳኖችን ካበላሸ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ግን ይህን መከላከል ይቻላል። ይህችን 9 ቀን ያዟት፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

አንደኛ፦ አፍ ከማስከፈታችሁ በፊት በሩቁ እዩት

ምላስ መጫኛውን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁ እንዴት እንደተቀመጠ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ ተመልከቱ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚዝረበረብ፣ ወደ ፊት ተደግፎ አገጩን አውጥቶ የተቀመጠ፣ አየር ሲስብ የሚያፏጭ ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ካጋጠማችሁ ጉሮሮውን አትንኩ። ምላሱን መጫን ወይም ስዋብ መክተት ያበጠውን የአየር መንገድ ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል። በእናቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳታስተኙትና ሳታስለቅሱት፣ የአየር መንገድ ማስከፈት ወደሚቻልበት ሆስፒታል ወዲያውኑ ይሂድ።

ሁለተኛው አደገኛ ነገር ከቶንሲል ጀርባ የሚቋጠር መግል ነው። ህመሙ ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ በሽተኛው አፉን በደንብ መክፈት ያቅተዋል፣ ድምፁ ትኩስ ነገር የጎረሰ ሰው ድምፅ ይመስላል፣ እንጥሉ ደግሞ ወደ ጤነኛው ወገን ተገፍቶ ይታያል። እዚህ ላይ ስዋብ ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው መግሉን ማፍሰስ ነው። ቶንሲሉን ሸፍኖ የተጣበቀ፣ ሲነኩት የሚደማ ግራጫ ሽፋን ካያችሁ ደግሞ ዲፍቴሪያን አስቡ፤ ይህም አስቸኳይ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ጠይቁ፦ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ለእንቅርት ካርቢማዞል የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም ይዞት ከመጣ፣ ከስዋብ በፊት የነጭ የደም ሴል ቆጠራ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ እነዚህን ሴሎች ያጠፋቸዋልና።

ሁለቱ ልጆች ከዚህ ሁሉ ነጻ ነበሩ። ልጅቷ ደከም ብላ እናቷ ላይ ተደግፋለች፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ይንጠላጠላል።

ሁለተኛ፦ ጉሮሮውን ከማየት በፊት ስለ አፍንጫው ጠይቁ

ብዙ ጀማሪዎች ቶሎ ባትሪ ያበራሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከጉሮሮ ውጭ ስላለው ነው፦ ሳል አለው? ንፍጥ አለው? ድምፁ ጎርንኗል? ዓይኑ ቀልቷል? አፉ ውስጥ ቁስለት አለ? ተቅማጥስ? ቫይረስ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ አፍንጫውንም፣ የድምፅ ሳጥኑንም፣ ዓይኑንም አንድ ላይ ያዳርሳል። ስትሬፕ ግን ጉሮሮ ላይ ያርፋል፤ ሳልና ንፍጥ ማምጣት ጠባዩ አይደለም። ስለዚህ ከእነዚህ ምልክቶች ሁለት ሦስቱ አብረው ካሉ፣ ጉሮሮው ምንም ይምሰል፣ የቫይረስ ነው ብዬ አስባለሁ።

አጀማመሩንም ጠይቁ። ስትሬፕ ድንገት ይመጣል፤ ልጁ ጠዋት ተጫውቶ ማታ ያተኩሰዋል። ልጆች ላይ ራስ ምታት፣ የሆድ ህመምና ማስመለስ አብረውት መምጣታቸው የተለመደ ነው። ጉንፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይገባል።

ሰውነት ላይ የወጣ ነገር ካለ በእጃችሁ ዳብሱት። ብርጭቆ ወረቀት የሚመስል ሻካራ ቀይ ሽፍታ ከትኩሳትና ከጉሮሮ ህመም ጋር ከመጣ ስካርሌት የሚባለው የስትሬፕ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ሻካራነቱ ግን ከእጅ አያመልጥም።

ሦስተኛ፦ መግል አያታልላችሁ

አሁን ጉሮሮውን እዩ። የልጅቷ ቶንሲሎች ቀልተዋል እንጂ አላበጡም፤ ነጭ ነገርም የለባቸውም። የልጁ ቶንሲሎች ላይ ግን እናቱ እንዳለችው ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ማለት መግል፣ መግል ማለት ባክቴሪያ፣ ባክቴሪያ ማለት አሞክሳሲሊን ተብሎ ይደመደማል። ነገር ግን አዴኖቫይረስ ቶንሲልን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል፤ ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ቫይረስ ደግሞ ቶንሲሉን በወፍራም ነጭ ሽፋን እስከ መሸፈን ይደርሳል። በሌላ በኩል ብዙ የስትሬፕ ጉሮሮ ከመቅላት በቀር ምንም አያሳይም። ነጩ ነገር ከምልክቶቹ አንዱ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ከዚያ አንገቱን ዳብሱ። መዳበስ ያለባችሁ ከመንጋጋ ማዕዘን ሥር፣ በአንገት ፊት ለፊት በኩል ያሉትን እጢዎች ነው፤ ማበጣቸው ብቻ ሳይሆን ሲነኩ ማመማቸው ይቆጠራል። ልጆች ትናንሽ የማያሙ እጢዎች ስለማያጡ "ተዳሰሰልኝ" ማለት በቂ አይደለም። እጢዎቹ ከአንገት ኋላ በኩል ተደርድረው ካበጡ፣ በሽተኛው ጎረምሳ ወይም ወጣት ከሆነ፣ ድካሙም ከሳምንት በላይ ከቆየ ኤፕስታይን-ባርን አስቡ። እንዲህ ያለ ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ መላ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት "ፔኒሲሊን አይስማማውም" ተብሎ ዕድሜውን ሁሉ ይጻፍበታል።

አራተኛ፦ ነጥቡን ቁጠሩ

በ1981 ሮበርት ሴንተርና ባልደረቦቹ አራት ምልክቶችን ቆጥሮ የስትሬፕን ዕድል መገመት እንደሚቻል አሳዩ። በ1998 ዋረን ማክአይዛክ ዕድሜን ጨመረበት። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ 1፤ ሳል ከሌለ 1፤ የአንገት ፊት እጢ አብጦ ሲነካ ካመመ 1፤ ቶንሲል ካበጠ ወይም ነጭ ነገር ከያዘ 1። ዕድሜው ከ3 እስከ 14 ከሆነ 1 ይጨመራል፣ ከ15 እስከ 44 ከሆነ ምንም አይጨመርም፣ 45ና ከዚያ በላይ ከሆነ 1 ይቀነሳል።

ድምሩ 0 ወይም 1 ከሆነ ስትሬፕ የመሆኑ ዕድል ከ100 ከ10 አይበልጥም። 2 ሲሆን ከ11 እስከ 17፣ 3 ሲሆን ከ28 እስከ 35 ይደርሳል። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግማሽ በግማሽ ነው። ልብ በሉ፦ ምልክቱ ሁሉ የተሟላለት በሽተኛ እንኳ ስትሬፕ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ ብዙም አያልፍም። በዓይን ብቻ አይቶ "ይሄ በእርግጠኝነት ባክቴሪያ ነው" የሚል ባለሙያ ከሁለት አንዴ ይሳሳታል ማለት ነው። ነጥቡ በሽታውን አይነግራችሁም፤ ስዋብ ማን እንደሚያስፈልገው ግን ይነግራችኋል።

የልጅቷን እንቁጠር። ትኩሳቷ 38.6 ነው፣ 1። ሳል የለም፣ 1። ዕድሜዋ 9 ነው፣ 1። እጢዋ አያምም፣ ቶንሲሏ አላበጠም፤ ድምሩ 3። ከሦስት አንድ ያህል ዕድል አላት። ዝም ብዬ ብሰድዳት ስትሬፕ ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ዝም ብዬ ባክማት ደግሞ ከሦስት ሁለቱን ጊዜ በከንቱ ነው። ስዋብ ውሳኔን የሚለውጠው በእንደዚህ ያለው ቦታ ነው።

የልጁስ? ትኩሳቱ 37.4፣ ሳል አለው፣ እጢው አያምም፤ ለነጩ ነገር 1፣ ለዕድሜው 1፣ ድምሩ 2። ቁጥሩን ብቻ ብናይ "ከ11 እስከ 17 ነው፣ ይመርመር" የሚል አለ። እኔ ግን አልመረመርኩትም፤ ሳሉና ንፍጡ አንድ ላይ ሆነው ጉዳዩን ጨርሰውታልና። ግልጽ የቫይረስ ምልክት ካለ ነጥቡ ወደ ጎን ይቀመጣል።

ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም በአብዛኛው አይመረመሩም። በዚያ ዕድሜ የስትሬፕ ጉሮሮም የሩማቲክ ትኩሳትም እምብዛም አያጋጥምም፤ ቤት ውስጥ የተረጋገጠ ስትሬፕ ያለበት ታላቅ ካለ ግን ነገሩ ይለያል።

አምስተኛ፦ ያላስፈለገ ስዋብ ለምን ይጎዳል?

እናቲቱ "ብትመረምሩት ምን ይጎዳል?" አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ስትሬፕ ጉሮሮ ውስጥ ሳያሳምም መኖር ይችላል። በትምህርት ቤት ዕድሜ ካሉ ጤነኛ ልጆች ውስጥ ከ10 አንዱ ገደማ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ይዞራል፤ አያመውም፣ ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉም አነስተኛ ነው። ስዋብ ደግሞ "ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም?" የሚለውን እንጂ "ያሳመመው እሱ ነው ወይ?" የሚለውን አይመልስም።

አሁን እንደ ልጁ የሚያስላቸውና ንፍጥ ያለባቸው 100 ልጆች ተሰልፈው አስቡ። ሁሉም በቫይረስ ነው የታመሙት እንበል። ከእነሱ 10 ያህሉ ተሸካሚ ስለሆኑ ስዋቡ አብዛኞቻቸውን "አለባቸው" ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ፈጣኑ ምርመራ ራሱም ባክቴሪያው ከሌለባቸው 100 ሰዎች በ5 ገደማው ላይ ሊሳሳት ስለሚችል ጥቂቶች ይጨመራሉ። በድምሩ ከ10 የሚበልጡ ልጆች ስትሬፕ ተብለው የ10 ቀን መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ፤ ከእነዚህ አንዱም በስትሬፕ አልታመመም። ተቅማጡ፣ ሽፍታው፣ ወጪው ይተርፋቸዋል። በሚቀጥለው ጉንፋን እንደገና ሲመረመሩ ደግሞ እንደገና "አለባቸው" ይባላል፤ ከዚያም "ይህ ልጅ ቶንሲሉ እየተመላለሰበት ነው" ተብሎ ቶንሲል ወደ ማስወጣት ወሬ ይኬዳል። ጥፋቱ የጀመረው ከመጀመሪያው አላስፈላጊ ስዋብ ነው።

ስድስተኛ፦ ናሙናው በትክክል ይወሰድ

የተሳሳተ "የለም" ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእጃችን ነው። በቅርብ ቀን አንቲባዮቲክ ወስዶ እንደሆነ፣ በመድኃኒትነት የሚሸጥ መጉመጥመጫ ተጠቅሞ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም ባክቴሪያውን ይደብቁታል። ቤት ውስጥ ከተረፈ ጠርሙስ ሁለት ማንኪያ አሞክሳሲሊን የተሰጠው ልጅ ካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማብቀል ምርመራው፣ ባዶ ሊወጣ ይችላል።

ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ ፊቷን ወደ እኔ አድርጌ አስቀመጥኳት። እናቲቱ በአንድ እጇ የልጅቷን ሁለት እጆች አቀፈች፣ በሌላው ግንባሯን ወደ ደረቷ ደገፈች። ብርሃኑ ከትከሻዬ በላይ ይመጣል። ምላስ መጫኛውን እስከ ምላሷ መሐል አስገብቼ ወደ ታች ስጫን "አአ" በይ አልኳት፤ እንጥሏ ወደ ላይ ሲነሣ መንገዱ ተከፈተ። የያዝኳቸው ሁለት ስዋቦች አንድ ላይ ናቸው። ቀኙን ቶንሲል፣ ከዚያ የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ፣ ከዚያ ግራውን ቶንሲል ጠበቅ አድርጌ እያዟዟርኩ አሸሁ። ሲወጣ ምላስን፣ ጉንጭን፣ እንጥልን ወይም ጥርስን መንካት የለበትም፤ ምራቅ የነካው ስዋብ ባክቴሪያውን ያሳሳዋል። ልጅቷ ትንሽ ተናነቃት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ፤ ሦስት ሴኮንድ ያህል ነው። ጭራሽ ያልተናነቀው ልጅ ብዙውን ጊዜ የተነካው ምላሱ ነው።

ለምን ሁለት ስዋብ? በፈጣኑ ምርመራ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ያው ስዋብ ወደ ካልቸር ሊላክ አይችልም። አንድ ብቻ ከወሰዳችሁ ልጁን ዳግመኛ ማስጨነቅ ሊኖርባችሁ ነው። ፈጣኑን ስታነቡ ደግሞ የመቆጣጠሪያው መስመር መውጣቱን አረጋግጡ፤ ካልወጣ ምርመራው አልተሠራም። በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አልፎ የሚወጣን ደብዛዛ መስመርም አትቁጠሩ።

ሰባተኛ፦ ውጤቱን ከሰውየው ጋር አንብቡ

ነጥቡ ለስዋብ ያበቃው ልጅ ላይ ፈጣኑ ምርመራ "አለ" ካለ አለ ነው፤ ካልቸር ሳትጠብቁ ህክምና ጀምሩ። "የለም" ካለ ግን ጉዳዩ አላለቀም። ፈጣኑ ምርመራ በእርግጥ ስትሬፕ ካለባቸው 100 ልጆች 15 ያህሉን ያሳልፋል። ስለዚህ ልጆችና ጎረምሶች ላይ "የለም" ሲል ሁለተኛው ስዋብ ወደ ካልቸር ይላካል። አዋቂ ላይ ይህ አያስፈልግም፤ የስትሬፕ ዕድሉም ዝቅተኛ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩማቲክ ትኩሳት የመያዝ ዕድሉማ ከዚያም ያነሰ ነው። አዋቂን ነጥቡ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በፈጣኑ መርምሩት፣ በውጤቱም ተገዙ።

የልጅቷ ፈጣን ምርመራ "የለም" አለ። እናቲቱ እፎይ አለች፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ስዋብ ላክሁ። "ውጤቱ እስኪመጣ አንቲባዮቲክ ይጀምሩላት እንጂ" አለችኝ። እዚህ ላይ ነው 9 ቀኗ የምትጠቅመው። ካልቸር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ቀን መጠበቅ የልጅቷን ልብ አይጎዳም። ለህመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ሰጠኋት። አስፒሪን ለልጅ እንዳይሰጥ አስጠነቀቅሁ፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ አደገኛ ህመም ሊያስከትል ይችላልና።

በሁለተኛው ቀን ካልቸሩ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ አበቀለ።

አንድ ሌላ ምርመራ ላይ ላቁም፤ ስሙ ኤ-ኤስ-ኦ የሚባለው የደም ምርመራ። ጉሮሮ ያመመውን ሰው በዚህ ደም መርምሮ "ስትሬፕ አለብህ" ማለት ስህተት ነው። የሚለካው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያወጣውን መከላከያ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፍ የሚለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዛሬ ለጀመረ ህመም ምንም አይናገርም፤ ቢጨምርም ያለፈውን ወር ህመም እያወራ ሊሆን ይችላል። ቦታው የሩማቲክ ትኩሳት ሲጠረጠር ነው። በዚህ ወረቀት ብቻ ለወራት መርፌ የተወጉ ጤነኛ ልጆች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስምንተኛ፦ መድኃኒቱ፣ መጠኑና ቀኑ

እናቲቱን ደውዬ አስጠራኋት። ልጅቷ ትኩሳቷ በርዶላት እየተጫወተች ነው የመጣችው። "ድና የለም ወይ፣ አሁን መድኃኒቱ ለምኑ ነው?" አለች። "ለጉሮሮዋ አይደለም፣ ለልቧ ነው" አልኳት፤ የሩማቲክ ትኩሳትንም አስረዳኋት። ህመሙ ከጀመረ አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ጊዜ አለን።

የመጀመሪያው ምርጫ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው። ቡድን ኤ ስትሬፕ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን ተላምዶ ሲቋቋም አልታየም፤ ስለዚህ "ጠንከር ያለ" መድኃኒት መፈለግ ትርጉም የለውም። አሞክሳሲሊን በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ10 ቀን ይሰጣል፤ በቀን ከ1000 ሚሊግራም ግን አያልፍም። ልጅቷ 26 ኪሎ ናት፤ ስሌቱ 1300 ስለሚሆን በ1000 ይቆማል። 10 ቀን መጨረስ የማይችል ቤተሰብ ከሆነ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በጡንቻ ይበቃል፦ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600,000 ዩኒት፣ 27 እና ከዚያ በላይ ለሆነ 1,200,000 ዩኒት። አዚትሮማይሲን የሚመረጠው ፔኒሲሊን በእርግጥ የማይስማማው ሰው ሲያጋጥም ነው፤ አዚትሮማይሲንን ተላምዶ የሚቋቋም ስትሬፕ አለና። ኮትሪሞክሳዞልና ቴትራሳይክሊን ስትሬፕን ከጉሮሮ አያጠፉም፤ ለዚህ አትጠቀሙባቸው።

መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድ ቀን ውስጥ ማስተላለፉ ይቆማል፤ ትኩሳት ከሌለ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ሲጨርስ ዳግመኛ ስዋብ አይወሰድም፤ ቢወሰድ የሚያገኘው ተሸካሚነትን ነው። ህክምና ጀምሮ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ምንም ያልተሻለው ሰው ግን እንደገና ይታይ፦ ወይ መግል ቋጥሯል፣ ወይ ያሳመመው ቫይረስ ሆኖ ስትሬፕ ተሸካሚ ብቻ ነበር።

ስዋብ የማይጠበቅባቸው ሰዎች

ከዚህ በፊት የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ወይም ልቡ የተጎዳ ሰው በእኔ እጅ ነጥብ አይቆጠርለትም። የስትሬፕ ጥርጣሬ ካለ ናሙና ወስጄም ቢሆን ውጤት ሳልጠብቅ አክመዋለሁ፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን የመከላከያ መርፌ እንዳላቋረጠም እጠይቃለሁ። ፈጣን ምርመራም ካልቸርም በሌለበት፣ የሩማቲክ ትኩሳትም በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ነጥቡ ራሱ የስዋብን ሥራ ይሠራል፤ ሳልና ንፍጥ የሌለበት፣ 3 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ልጅ ይታከም። በከንቱ የሚታከሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ እዚያ ግን የልብ ክዳን መበላሸት ይበልጥብኛል።

እናቲቱ ልትወጣ ስትል ጠርሙሱን ይዛ "ከዚህ ላይ ለእሱም ትንሽ ልቀንስለት?" አለችኝ። አትቀንሺ አልኳት፤ ለሁለት ከተከፈለ የልጅቷ 10 ቀን 5 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የማያስፈልገውን ይወስዳል። የሚያልቅበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። ልጁ አሁን ሳሉ እየቀለለው ነው። ከእህቱ ጋር አብሮ ስለሚተኛ ግን፣ ሳሉ ከጠፋ በኋላ ድንገት አተኩሶት ጉሮሮዬን ካለ በዚያው ቀን አምጪው፤ ያኔ ስዋቡ ለእሱም ይሠራል አልኳት።